ስንጥቁ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው

ጥር በአዲስ አበባ የሠርግ ወር ነው። አየሩ በጣም ከሚደርቅባቸው ወራትም አንዱ ነው። የሁለቱ መገጣጠም ለድግሱ ይመቻል፤ ዝናብ የለም፣ ድንኳኑም አይረጥብም። ኬኩን በፎንዳንት ለሚያለብሰው ሰው ግን ከዓመቱ ከባድ ወቅቶች አንዱ ነው። ፎንዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ተዳምጦ ሲታይ እንከን የለውም። ተነሥቶ ኬኩ ላይ ካረፈ በኋላ ግን በላይኛው ጠርዝ ዙሪያ ጥቃቅን መስመሮች ይወጡበታል። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ይህን «የዝሆን ቆዳ» ይሉታል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከመስመር ያልፍና ፎንዳንቱ ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀደዳል፤ ከሥር ያለው ክሬምም ብቅ ይላል።

ጀማሪዎች ይህ ሲደርስባቸው መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የገዙትን ፎንዳንት ነው። የፎንዳንት ጥሩና መጥፎ እንዳለው እውነት ነው። ነገር ግን በጥሩ ፎንዳንትም የተሰነጠቀ ኬክ ሞልቷል። መሰንጠቅና መቀደድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መንስኤያቸውም መድኃኒታቸውም ይለያያል። ስንጥቅ የሚመጣው የፎንዳንቱ ፊት ውኃውን ሲያጣ ነው። መቀደድ የሚመጣው ደግሞ ፎንዳንቱ ከሚችለው በላይ ሲሳብ ነው። ሁለቱም ግን ቀድመው የሚታዩት በአንድ ቦታ፣ በላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማሳየት አንድ ኬክ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ ክብ፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኬክ። ለልደትም ሆነ ለሠርግ ኬክ የላይኛው ደርብ ይህ መጠን የተለመደ ነው።

ፎንዳንት በአብዛኛው የላመ ዱቄት ስኳር ነው። ስኳሩን አያይዞ ሊጥ የሚያደርገው ጥቂት ውኃ፣ ጀላቲንና ግሉኮስ ነው። ጥቂት የአትክልት ቅባትና ግሊሰሪንም ይገባበታል። ጀላቲኑ ፎንዳንቱ ሳይበጠስ እንዲለጠጥ ያደርገዋል። ግሉኮሱ ስኳሩ ተመልሶ ሻካራ ቅንጣት እንዳይሆን ይከላከላል። ግሊሰሪን ደግሞ ውኃን ይዞ የማቆየት ጠባይ ስላለው ፎንዳንቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የውኃው መጠን በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ በመሆኑም ጥቂቱ እንኳ ሲተን ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። (ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ ለጾም ኬክ አይሆንም። ለሙስሊም ደንበኛ የሚሠራ ሰውም ማሸጊያውን አንብቦ ጀላቲኑ ከምን እንደመጣ ማረጋገጥ አለበት። በጀላቲን ፈንታ በዕፀዋት ሙጫ የተሠሩ ፎንዳንቶች አሉ፤ አዳማመጣቸውና አለባበሳቸው አንድ ነው።)

ከፎንዳንቱ በፊት ግን ከሥር ያለው ነገር መስተካከል አለበት። እኛ አገር ቶርታ ሲባል ብዙ ጊዜ በተመታ የወተት ክሬም የተሸፈነ ነው። ይህ ክሬም ለፎንዳንት አይሆንም። ውኃ ስለሚበዛበት ስኳሩን ከሥር ያሟሟዋል፤ ለስላሳ ስለሆነም ክብደቱን አይሸከምም። ለፎንዳንት የሚሆነው የቅቤ ክሬም ወይም በቸኮላትና በክሬም የተሠራ ጋናሽ ነው። ጋናሹ በጥቁር ቸኮላት ከሆነ ሁለት እጅ ቸኮላት ለአንድ እጅ ክሬም፣ በነጭ ቸኮላት ከሆነ ሦስት እጅ ለአንድ እጅ ይደረጋል፤ ነጩ ቸኮላት ለስላሳ ስለሆነ እንዲጠጥር ብዛት ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ፍርፋሪውን የሚይዝ ስስ ቅብ ይቀባል። ኬኩ ፍሪጅ ገብቶ ቅቡ ሲጠጥር ሁለተኛው፣ ወፈር ያለውና በደንብ የተስተካከለው ቅብ ይከተላል። ከዚያ እንደገና ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ይገባል። በጣት ሲነካ ምልክት የማይዝ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። ፎንዳንት ከሥሩ ያለውን ጉድጓድና ጉብታ አይደብቅም፤ በስሱ ሲዳመጥማ ጭራሽ ጎልቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ጠርዙ እንመለስ። ጀማሪ ሰው በኢንተርኔት የሚያያቸውን እንደ ሣጥን የተቆረጡ ስለታም ጠርዞች ለመሥራት ይጓጓል። ስለታም ጠርዝ ያምራል፤ ነገር ግን ፎንዳንትን የሚቀድደው እሱ ነው። ፎንዳንቱ ከላይኛው ፊት ወደ ጎን ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። እጥፋቱ ድንገተኛ በሆነ ቁጥር የውጭው መለጠጥ ይጨምራል። ስለዚህ ክሬሙ ፍሪጅ ገብቶ ከጠጠረ በኋላ በጣትህ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አድርገህ የላይኛውን ጠርዝ ዙሪያውን በቀስታ እያሸህ ትንሽ ክብ አድርገው። ስለቱ መጥፋቱ ብቻ ይበቃል። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ትንሽ ሥራ ከመሰንጠቅ የሚያድነውን ያህል ውድ ፎንዳንት መግዛት አያድንም።

ውፍረትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው ወፍራም ፎንዳንት አይቀደድም፣ አይሰነጠቅም ብሎ ያስባል። ግማሹ ልክ ነው። ወፍራም ፎንዳንት ቶሎ አይቀደድም፤ ግን ከስሱ ይልቅ ይሰነጠቃል። ምክንያቱም ሲታጠፍ የውጩ ፊት ከውስጡ ርቆ ስለሚገኝ የበለጠ መለጠጥ አለበት። ትንሽ ከደረቀ ደግሞ መለጠጥ ስለማይችል በመስመር በመስመር ይከፈላል። ክብደትም አለ። የእኛን ኬክ የሚሸፍነው ፎንዳንት 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክብደቱ 700 ግራም ገደማ ይሆናል። 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ጎኑ ከክሬሙ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው ከላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። በሌላ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ካደረስከው ቀላል ይሆናል፤ ግን የክሬሙን እያንዳንዱን ጉድለት ያሳያል፣ ጠርዙም ጋ ሲሳብ ወዲያው ይሳሳል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው 4 ሚሊ ሜትር ነው። እጁ የለመደ ሰው ወደ 3 ዝቅ ቢል ኬኩ ለዓይንም ለአፍም ይሻላል፤ እንግዳውም ወፍራም የስኳር ቅርፊት ገሽልጦ ሳህኑ ጥግ አያስቀምጥም።

4 ሚሊ ሜትር በዓይን ግምት አይገኝም። መሐሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ የሆነ ፎንዳንት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ስሱ ዳር የሚያርፈው ጎኑ ላይ ሲሆን ወፍራሙ መሐል ደግሞ ከላይ ያለ ጥቅም ይቀመጣል። ቀላሉ መፍትሔ አናጢ ቤት ሄዶ ውፍረታቸው ልክ 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ጣውላዎች ማስቆረጥ ነው። በፎንዳንቱ ግራና ቀኝ ይቀመጡና የመዳመጫው ሁለት ጫፎች በእነሱ ላይ ይሄዳሉ። መዳመጫው ጣውላዎቹ ላይ ሲያርፍ ፎንዳንቱ ከዚያ በላይ አይሳሳም። ለዚህ መዳመጫው ከፎንዳንቱ ስፋት የሚረዝም መሆን አለበት፤ የሊጥ አጭር መዳመጫ በጫፉ መስመር ይተውበታል።

የሚያስፈልገው ስፋት ስንት ነው? የኬኩ አናት 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በግራ 10፣ በቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ጎን አለ። ድምሩ 40 ነው። ለእጅ መያዣና ለመቁረጫ በየዳሩ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ይጨመርና 45 ይሆናል። ይህን በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለመዳመጥ 900 ግራም ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ይዞ መጀመር ነው። የሚተርፈው ንጹሕ ከሆነ ተጠቅልሎ ለሌላ ጊዜ ይውላል። በትክክል የሚበቃውን ብቻ ይዞ መጀመር ግን ፎንዳንቱን ለማድረስ እየሳቡ ማሳሳትን ያመጣል፤ እዚያም መቀደዱ አይቀርም።

ፎንዳንት ከማሸጊያው ሲወጣ ድርቅ ያለ ነው። እጅን በአትክልት ቅባት በስሱ ቀብቶ፣ እየዘረጉና እያጠፉ ማሸት ነው። በኃይል እንደ ዳቦ ሊጥ መደቆስ አየር ያስገባበታል። ቀለም የሚጨመር ከሆነ ወፈር ያለውን የጄል ቀለም መጠቀም ይሻላል፤ ፈሳሽ ቀለም ፎንዳንቱን ያረጥበዋል። ጥቁርና ደማቅ ቀይ ብዙ ቀለም ስለሚፈልጉ ፎንዳንቱን ያዳክሙታል፤ እነዚህን ሁለቱን ቀለም ገብቶባቸው የተሸጡትን መግዛት ነው የሚሻለው።

መድረሱን የሚያሳውቅ ፈተና አለ። ከፎንዳንቱ ቆንጥረህ በአውራ ጣት ውፍረት አድቦልቡለውና ሁለቱን ጫፍ ይዘህ በቀስታ ሳበው። እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ከተበጠሰ ደርሷል። ሳይቀጥን እንደ ተሰበረ ነገር ከሁለት ከተከፈለና የተበጠሰበት ቦታ ሻካራ ከሆነ ውኃው አንሷል። ለአንድ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪንና ትንሽ ቅባት ጨምሮ እንደገና ማሸት፣ ከዚያም እንደገና መፈተን ነው። ፎንዳንቱ እጅ ላይ ከተጣበቀና ከተለጠጠ በኋላ ከለጠለጠ ደግሞ በእጅ ሙቀት ለስልሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ ዱቄት ስኳር ይጨምራል። አይጨመር። በላስቲክ ተጠቅልሎ ሩብ ሰዓት ሲያርፍና ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። በሞቀበት ጊዜ የተጨመረው ስኳር ግን ሲቀዘቅዝ ውስጡ አለ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠርዙ ላይ የዝሆን ቆዳ ሆኖ ይወጣል።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይነስነስ? የፎንዳንት መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት ስኳር ይላሉ። በክረምት አዲስ አበባ፣ ወይም አየሩ እርጥበት በሞላው በጅዳና በዱባይ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥሩ ምክር ነው። በጥር አዲስ አበባ ግን ስታርቹ ከፎንዳንቱ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ውኃ ይመጥጣል። በበጋ ወራት ጠረጴዛውን በአትክልት ቅባት በጣም በስሱ መቀባት ይሻላል፤ እጅ ሲያልፍበት ለስለስ ብሎ የሚሰማ፣ ለዓይን ግን የማይታይ ቅብ። የባሕረ ሰላጤው አገር ሠራተኛም ቢሆን የአየር ማቀዝቀዣው ቀጥታ ጠረጴዛው ላይ የሚነፍስ ከሆነ እንደ እኛ በደረቅ አየር እየሠራ እንደሆነ ይቁጠረው።

ከዚህ በኋላ ሰዓት ይቆጠራል። የተድቦለቦለ ፎንዳንት ለአየር የሚጋለጠው ፊቱ ትንሽ ነው። ተዳምጦ 45 ሳንቲ ሜትር ሲሰፋ ግን ትልቅ ፊት ለአየር ይከፈታል። በላይኛው ፊቱ ላይ ስስ ቆዳ መሥራት ለመጀመር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከሥሩ ለስላሳ እንደሆነ ነው። ከዚያ ሲታጠፍ ለስላሳው ይለጠጣል፣ ቆዳው ግን አይችልም፤ ስንጥቁ የሚመጣው በዚህ ነው። ስለዚህ ፎንዳንቱ ከመነካቱ በፊት ሁሉ ነገር መዘጋጀት አለበት። መስኮቱ ተዘግቷል። ኬኩ ከፍሪጅ ወጥቶ በሚሽከረከረው መቀመጫ ላይ ነው። ፊቱ በንጹሕ ብሩሽ በጣም በስሱ በውኃ ረጥቧል፤ ጋናሽ ከሆነ ተፍልቶ በቀዘቀዘ የስኳር ውኃ። የሚያጣብቅ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም፤ ጠብታ ያለበት ቦታ ፎንዳንቱን ያንሸራትተዋል። ማለስለሻው፣ ቢላዋውና ቀጭኑ ስፒል በእጅ ቅርብ ናቸው።

መዳመጡ ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ከሁለት ከሦስት ጊዜ በኋላ ፎንዳንቱን ሩብ ዙር ማዞር ነው። መዞሩ ሁለት ጥቅም አለው፤ ክብ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ጠረጴዛው ላይ መጣበቁንም ወዲያው ያሳያል። መገልበጥ አያስፈልግም፤ ከላይ የነበረው ፊት ከላይ እንደሆነ ይቆያል። የአየር አረፋ ከታየ በስፒል ጋደም ብሎ ይወጋና በጣት ይታሻል። ተዳምጦ ካለቀበት ጊዜ ጀምሮ ኬኩ ላይ እስኪያርፍ ከሁለት ከሦስት ደቂቃ ባያልፍ ጥሩ ነው። በመሐል ስልክ ከተጠራ አይነሣም፤ የግድ ከሆነ ፎንዳንቱን በላስቲክ መሸፈን ነው።

ፎንዳንቱ መዳመጫው ላይ ልል ተደርጎ ይጠቀለልና ኬኩ ላይ ይዘረጋል። ካረፈ በኋላ በየአቅጣጫው የተንጠለጠለው እኩል መሆኑን ማየት ነው። በመጀመሪያ የሚነካው አናቱ ነው፤ ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እየታሸ አየሩ ይወጣል። ወዲያው ቀጥሎ ጠርዙ ነው። ሁለት መዳፍ ጎባጣ ተደርጎ የላይኛው ጠርዝና ከሱ በታች ያለው ሁለት ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን ከክሬሙ ጋር ይጣበቃል። ይህ እስኪሆን ድረስ ሌላ ምንም አይነካም። ጠርዙ ከተጣበቀ በኋላ የተንጠለጠለው ክብደት በአንድ ቦታ አይጎትተውም።

አሁን ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱበት ቦታ ደርሰናል። የፎንዳንታችን ዙሪያ ኬኩን የሚነካበት ቦታ ላይ፣ ማለት በ40 ሳንቲ ሜትሩ ክብ ላይ፣ ወደ 126 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የኬኩ ግርጌ ዙሪያ ግን 63 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ታች ላይ ያለው ፎንዳንት ከሚያስፈልገው እጥፍ ነው ማለት ነው። ክብ ጠረጴዛ ላይ የተጣለ የጠረጴዛ ልብስ ዙሪያውን እየተጣጠፈ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ጨርቅ ሊጨመቅ አይችልም፤ ፎንዳንት ግን ለስላሳ በሆነ ሰዓት ይችላል። ሥራው ሁሉ ይህን ትርፍ ፎንዳንት ሳይታጠፍ እንዲጨመቅ ማድረግ ነው። እጥፋት ሲያይ ወደ ታች የሚጎትት ሰው እጥፋቱን ያጠፋ ይመስለዋል። የሚያደርገው ግን ትርፉ ታች እያለ ከላይ ያለውን መሳብ ነው፤ ከላይ ደግሞ ምንም ትርፍ የለም። ከጠርዙ በታች አንድ ጣት ያህል ወርዶ የሚቀደደው በዚህ ነው።

ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው። ግራ እጅ የፎንዳንቱን ታችኛ ዳር ይዞ ቀሚስ እንደሚዘረጋ ወደ ውጭ ያርቀዋል፤ እጥፋቱ ይከፈታል። ቀኝ መዳፍ ከላይ ከተጣበቀው ቦታ ጀምሮ ፎንዳንቱን ከኬኩ ጋር ያገናኘዋል። የቀኙ መዳፍ አቅጣጫ ወደ ውስጥና ትንሽ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች ፈጽሞ አይሆንም። መቀመጫው በጥቂቱ ይዞራል፣ ቀጣዩ እጥፋት ይከፈታል። አንድ ዙር ሲሞላ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወርደናል፤ ከዚያ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል። አንዱን ጎን እስከ ግርጌ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ትርፉን ሁሉ መጨረሻው ጎን ላይ ያከማቸዋል።

መቀደድ ሳይነግር አይመጣም። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ከጠርዙ በታች እያለሰለሰች ሳለ እጇን ገታ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ቀለሙ ተለወጠብኝ» አለችኝ። ነጩ ፎንዳንት በአንድ ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ገርጥቶ የቅቤ ክሬሙ ቢጫነት ያሳይ ነበር፤ ፊቱም ከሌላው ይልቅ ያብለጨልጭ ነበር። ፎንዳንቱ እዚያ ቦታ ሳስቷል ማለት ነው። «ተዪው፣ አትንኪው፤ ከታች ያዥልኝ» አልኳት። እሷ የተንጠለጠለውን በሁለት መዳፍ ከሥር ደግፋ ከፍ አደረገችው፤ ክብደቱ ተነሣለት። እኔ ደግሞ ከሳሳው ቦታ በታች ያለውን ፎንዳንት በመዳፌ ወደ ላይ እየገፋሁ አመጣሁት። ገርጥቶ የነበረው ቦታ ተመልሶ ነጣ። ዓይኗ ፈጣን ባይሆን ኖሮ በሌላ ግማሽ ደቂቃ ይቀደድ ነበር።

ጎኑ ሁሉ ከተጣበቀ በኋላ ግርጌው ላይ በጣት ወይም በማለስለሻው ጠርዝ መስመር ይደረግና ትርፉ ይቆረጣል። መጀመሪያ አንድ ሳንቲ ሜትር ተትቶ ቢቆረጥ ይመረጣል። ፎንዳንት ከተለጠጠ በኋላ በጥቂቱ ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ከመጀመሪያው ተጠግቶ የተቆረጠ ከሆነ ግርጌው ላይ ክሬሙ ይታያል። ማለስለሻው ጎኑን ከዞረ በኋላ ሁለተኛው፣ ትክክለኛው ቁርጥ ይከተላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስንጥቅ ሊወጣ ይችላል። ስስ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ፎንዳንቱም ገና ለስላሳ ከሆነ፣ በጣት ጫፍ የስንዴ ቅንጣት የምታህል የአትክልት ቅባት አድርጎ በትንንሽ ክብ ማሸት ነው። የጣት ሙቀትና ቅባቱ ፊቱን ያለሰልሱትና መስመሩ ይጠፋል። ቅባት በዝቶ ከተቀባ ግን የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ይተዋል። የተቀደደ ከሆነና ገና አሁን ከሆነ ሁለቱን ከንፈር ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል እየገፉ በጣት ማገናኘት ይቻላል። ከደረቀ በኋላ ከተገኘ ከዚያው ፎንዳንት ጥቂት ወስዶ በጠብታ ውኃ አቅጥኖ እንደ ቅባት ማድረግና ክፍተቱን መሙላት፣ ትርፉን በእርጥብ ጣት መጥረግ ነው። ቦታው ፈጽሞ አይጠፋም፤ አበባ ወይም ጥብጣብ እዚያ ላይ ይውላል። ቀዳዳው ከመዳፍ ከሰፋ ግን እኔ አልጠግነውም። ክሬሙ ጠጣር ከሆነ ፎንዳንቱን በሙሉ አንሥቼ፣ ክሬሙን አስተካክዬ በአዲስ ፎንዳንት እንደገና አለብሰዋለሁ። ፍርፋሪና ክሬም የነካው ፎንዳንት ለሌላ ኬክ አይሆንም።

ካለበሱ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን ጠላታችን የነበረው ድርቀት አሁን ይጠቅመናል። ፎንዳንቱ ከእንግዲህ ስለማይታጠፍ ፊቱ ደርቆ ስስ ቅርፊት ቢሠራ ኬኩን ይጠብቀዋል እንጂ አይሰነጥቀውም። ኬኩ በላስቲክ አይሸፈን፤ በካርቶን ሣጥን ውስጥ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። በማግስቱ ስንጥቅ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ከሥር ያለው ካርቶን። ስስ ካርቶን ላይ የተቀመጠ ኬክ ሲነሣ ካርቶኑ ይጎብጣል፤ ኬኩና ክሬሙ አብረው ይታጠፋሉ፤ የደረቀው ፎንዳንት ግን ከጎኑ ወይም ከግርጌው ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው የሠርግ ኬክ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማይጎብጥ ሰሌዳ ላይ የሚሠራው። ይህም ፎንዳንቱን ካለበሱ በኋላ የሚታሰብ አይደለም፤ ኬኩ ገና ሳይቀባ ሰሌዳው ላይ መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፍሪጅ ነው። በውስጡ ያለው ክሬም የማይበላሽ ዓይነት ከሆነ ኬኩ ፍሪጅ ባይገባ ይመረጣል። ቀዝቃዛ ኬክ ወደ ሞቃት ክፍል ሲወጣ የአየሩ እርጥበት ፊቱ ላይ ጠብታ ይሆናል፤ ስኳርም ውኃ ስለሚወድ ፎንዳንቱ ያጣብቃል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። በጥር አዲስ አበባ ይህ ቀለል ይላል፤ በሐምሌ ወይም በጅዳ ግን ኬኩን ያበላሻል። መሙያው የግድ ፍሪጅ የሚፈልግ ከሆነ ኬኩ በካርቶን ሣጥን ይግባ፣ ሣጥኑም ዙሪያውን በላስቲክ ይጠቅለል። ሲወጣ ላስቲኩ አይፈታም። እንደ ኬኩ መጠን ሁለት ሦስት ሰዓት እንደተጠቀለለ ይቆይ፤ ጠብታው ላስቲኩ ላይ ይሆናል እንጂ ኬኩ ላይ አይወርድም። ላብ ያለበሰው ኬክ ካጋጠመ ግን በጨርቅም በጣትም አይነካም፤ ከተነካ የጣት አሻራ ይቀራል። ማራገቢያ ራቅ አድርጎ ከፍቶ ራሱ እስኪደርቅ መተው ነው። ኬኩን ለደንበኛ ሲያስረክቡም ይህን በቃል መንገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ኬክ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያደርገው ሣጥኑን ከፍቶ በቀጥታ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ነው።